«ሞልቷል» የተባለው አዳራሽ ለምን ባዶ ወንበር ይገኝበታል?

ነጻ ሥልጠና ይታወጃል፤ ሊንኩ በቴሌግራም ይለቀቃል። ብዙም ሳይቆይ «ምዝገባው ሞልቷል» ይባላል። ዘግይቶ የደረሰው ሰው «ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። በሥልጠናው ዕለት ግን አዳራሹ ሩብ ያህሉ ባዶ ይሆናል። ፎቶው ሲለጠፍ አስተያየቱ ይጎርፋል፦ «ሞልቷል አላላችሁንም?» «ድሮም በዘመድ ነው»። አዘጋጆቹ በበኩላቸው «ሰው ተመዝግቦ ይቀራል፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይላሉ።

አድልዎ የሚፈጸምበት ቦታ እንዳለ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ባዶውን ወንበር የሚፈጥረው ተንኮል ሳይሆን ደካማ ሕግ ነው። ተጠባባቂ ዝርዝር (ብዙዎች «ዌይትሊስት» የሚሉት) ማለት ቦታ ሲሞላ የሚቀጥሉት ሰዎች በቅደም ተከተል የሚያዙበት መዝገብ ነው። መዝገቡን መያዝ ቀላል ነው። ከባዱ፣ አንድ ወንበር ከተለቀቀበት ደቂቃ አንስቶ ሌላ ሰው እስኪይዘው ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ፍትሑም ሆነ ብክነቱ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

«40 ሰው» የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። መሠረታዊ የኮምፒውተር ሥልጠና ነው እንበል፤ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል። አዳራሹ 60 ወንበር አለው። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 42 ናቸው። ሁለቱን አሠልጣኞቹ ይይዟቸዋል። ስለዚህ የቦታው ልክ 60 ሳይሆን 40 ነው። ልኩን የሚወስነው ከሁሉም የሚያንሰው ነገር ነው። አንዳንዴ ኮምፒውተር ነው፣ አንዳንዴ የአሠልጣኝ ቁጥር፣ አንዳንዴ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር።

እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት የእንግዶችን ወንበር ሳይቀንሱ ምዝገባ መክፈት ነው። ስፖንሰር ሦስት ሰው እልካለሁ ካለ፣ ሦስቱ ወንበሮች ከመጀመሪያው መነሣት አለባቸው። አለበለዚያ ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ተደውሎለት «ይቅርታ፣ ቦታዎ ለሌላ ተሰጥቷል» ይባላል። «በዘመድ ነው» የሚለው ወሬ የሚጀምረው ከዚህ ስልክ ነው።

ልኩ መሐል ላይ ሊለወጥም ይችላል። ሁለት ኮምፒውተር ቢበላሽ 40 የነበረው 38 ይሆናል። ያኔ የተረጋገጠለትን ሰው ማስወጣት አያስፈልግም። ሁለት ሰው በራሱ ጊዜ እስኪሰርዝ ድረስ ከተጠባባቂ ማንንም አለመጥራት ይበቃል። ማንም ካልሰረዘ ሁለት ላፕቶፕ መዋስ ነው። በተቃራኒው አምስት ኮምፒውተር ቢጨመር፣ አምስቱ ቦታዎች የተጠባባቂዎቹ ናቸው። ሊንኩን እንደገና ለሕዝብ መክፈት ለሳምንት የጠበቀውን ሰው ትቶ ዛሬ ለደረሰው ማደል ነው።

ወንበር ሲለቀቅ ምን ይሆናል?

«ሲስተሙ በራሱ ያሳልፋል» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው አሠራር ወንበር እንደተለቀቀ ተራው የደረሰው ሰው ሳይጠየቅ በቀጥታ ይመዘገባል፤ «ቦታ አግኝተዋል» የሚል መልእክት ብቻ ይደርሰዋል። በሁለተኛው አሠራር ጥያቄ ይላክለታል፤ እስከተወሰነ ሰዓት «አዎ» ካላለ ዕድሉ ለሚቀጥለው ያልፋል።

የመጀመሪያው ፈጣን ነው። ችግሩ፣ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ለቅዳሜ ሌላ ቀጠሮ ይዞ ሊሆን ይችላል። መልእክቱን ሳያየው በወረቀት ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። ዝርዝሩ «ሙሉ» ይላል፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ሁለተኛው አሠራር ይህን ያስቀራል፤ በምትኩ ጊዜ ይበላል። ምን ያህል እንደሚበላ በምሳሌያችን እንየው።

40ው ቦታ ተይዟል፤ 25 ሰው ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ተጠባባቂ 24 ሰዓት የመመለሻ ጊዜ ተሰጥቷል። ለጋስ ሕግ ይመስላል። ረቡዕ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች ሰረዙ። ጥያቄው ወዲያው ለ1ኛ፣ ለ2ኛና ለ3ኛ ተጠባባቂ ተላከ። 1ኛው ወዲያው «አዎ» አለ። 3ኛዋ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ «አልችልም» ብላ መለሰች፤ ዕድሉ ለ4ኛው እስከ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ተሰጠ። 2ኛው ዝም ስላለ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ጊዜው አለቀበት፤ ዕድሉ ለ5ኛው እስከ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ሄደ። 4ኛውም ዝም አለ። ዓርብ ጠዋት ለ6ኛዋ ጥያቄ ሲላክ የመመለሻዋ ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሆነ፤ ልክ ሥልጠናው በሚጀምርበት ደቂቃ። 5ኛውም ካልመለሰ የ7ኛው ሰው ጊዜ የሚያበቃው ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ነው። ያኔ ሥልጠናው አልቋል፤ ሰርተፊኬትም ታድሏል።

ውጤቱን ልብ ይሏል። ሁለት ወንበር ባዶ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። 18 ሰዎች ደግሞ አንድም መልእክት ሳይደርሳቸው ሳምንቱ አለፈ። ማንም አላጭበረበረም። ሕጉ ራሱ ነው ወንበሩን ያባከነው።

መፍትሔው የመመለሻ ጊዜው ቀኑ ሲቃረብ እያጠረ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሳምንት ሲቀረው 24 ሰዓት ምንም ጉዳት የለውም። ሁለት ቀን ሲቀረው አራት ሰዓት ይበቃል፤ የሌሊቱ ግን አይቆጠርም። ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ሰዓቱ ቆሞ ያድራል። በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው «አልመለስክም» ብሎ መቅጣት አያምርም።

የመጨረሻው ቀን ላይ አዘጋጆች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ «ለሁሉም ተጠባባቂ በአንድ ጊዜ ይላክ፤ ቀድሞ የመለሰ ይውሰድ» ይላሉ። ወንበሩ በደቂቃዎች ይሞላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ የተጠበቀው ቅደም ተከተል እዚያው ይፈርሳል። የሚያሸንፈው ስልኩን ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ሥራ ላይ ያለው፣ መብራት የጠፋበት፣ ዳታ ያለቀበት ይሸነፋል።

እኔን የሚያሳምነኝ ሦስተኛ መንገድ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ ለቀሩት ተጠባባቂዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይላካል፦ «ዛሬ ማታ ወይም ነገ ጠዋት ድንገት ቦታ ቢገኝ ይመጣሉ?» እስከ ቀኑ 10 ሰዓት «አዎ» ያሉት ብቻ በነበራቸው ተራ ይሰለፋሉ። ከዚያ በኋላ የተለቀቀ ወንበር ሳይጠየቅ በቀጥታ ለመጀመሪያው «አዎ» ባይ ይሰጣል፤ ፈቃዱን አስቀድሞ ሰጥቷልና። ያልመለሱት ምንም አልተነጠቁም፤ ተራቸው ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል።

ዝም ያለ ሰው ተራውን ያጣል?

ጊዜው ያለፈበትን ተጠባባቂ ከዝርዝሩ ጭራሽ ማውጣት ይቻላል፤ ወደ መጨረሻ መላክ ይቻላል፤ ተራውን እንደያዘ ለዚህ ወንበር ብቻ ማለፍም ይቻላል። ጥብቅ ሕግ የሚፈልጉ ሰዎች «መልእክት የማያነብ ሰው ቁም ነገረኛ አይደለም» ይላሉ። ይህ አባባል መልእክቱ በትክክል ደርሷል ብሎ ይነሣል። በኢሜይል ብቻ የተላከ ጥያቄ እኛ አገር ለብዙ ሰው አልተላከም ማለት ይቻላል። አጭር የጽሑፍ መልእክት የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ኔትወርክ ሲጠፋ ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ዝም ያለ ይታለፍ እንጂ ተራው ይቆይለት፤ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ካለ ይውጣ የሚለው ሚዛን ሚዛናዊ ይመስለኛል። «አልችልም» ብሎ የመለሰ ግን መቀጣት የለበትም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የጠቀመው እሱ ነው፤ ወንበሩን ቶሎ ለቋል።

እኛ አገር ሌላ ወጥመድም አለ፤ እሱም ሰዓት ነው። ሶፍትዌሩ በውጭ አቆጣጠር ይሠራል። ለተጠባባቂው «እስከ ዓርብ 6:00 ይመልሱ» የሚል መልእክት ይልካል። ሶፍትዌሩ ያሰበው ንጋት 12 ሰዓትን ነው። አንባቢው የገባው እኩለ ቀን ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተረጋግቶ «አዎ» ሲል «ጊዜዎ አልፏል» ይባላል። በአሜሪካ ወይም በአረብ አገር ላሉ ወገኖች በዙም የሚሰጥ ሥልጠና ከሆነ ደግሞ የማን አገር ሰዓት ነው የሚል ጥያቄ ይጨመርበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መልእክቱን ሰው እንደሚናገረው መጻፍ። ለምሳሌ፦

«ሰላም። የቅዳሜው ሥልጠና ላይ አንድ ቦታ ተገኝቷል፤ ተራው የእርስዎ ነው። ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እስከ 9 ሰዓት (በኢትዮጵያ) 1 ብለው ከመለሱ ቦታው ይያዝልዎታል። የማይመቾት ከሆነ 2 ይበሉ። ካልመለሱ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል።»

በዚህ ስህተት ምን ያህል ሰው እንደሚወድቅ ማወቅም አይከብድም። ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ «አዎ» ያሉትን መቁጠር ነው። እነዚህ ዝም ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ መልሰዋል። ቁጥራቸው ከበዛ ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የመልእክቱ ወይም የሰዓቱ ነው።

ቀድሞ የመጣ ወይስ ዕጣ የወጣለት?

ተራ የሚሰጠው በምዝገባ ሰዓት ነው የሚለውን ብዙ ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይወስደዋል። ወረፋ ላይ ያደገ ሰው «ቀድሜ መጥቻለሁ» የሚለው ክርክር ይገባዋል። ምዝገባው ለቀናት ተከፍቶ ቀስ በቀስ ከሞላ ይህ ትክክል ነው። ሊንኩ ተለቆ በደቂቃዎች ውስጥ ከሞላ ግን ሰዓቱ የሚለካው ፍላጎትን ሳይሆን የኢንተርኔት ፍጥነትን ነው። ወይም ሊንኩን ማን ቀድሞ እንደነገረው።

እንዲህ ሲሆን የምዝገባ መስኮት ይከፈታል፤ ሦስት ቀን እንበል። በሦስቱ ቀን ውስጥ የገባ ሁሉ እኩል ነው። ሲዘጋ ዕጣ ይወጣል፤ የዕጣው ቅደም ተከተል ራሱ ዝርዝሩ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 40 ይገባሉ፤ 41ኛው የተጠባባቂዎች 1ኛ ነው። ከመስኮቱ በኋላ የመጣ ከጅራቱ ይሰለፋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ2008 እ.ኤ.አ. ለ10,000 ያህል የመንግሥት የጤና መድን ቦታዎች 90,000 ያህል ሰው ሲመዘገብ፣ ዝርዝሩ የተለየው በዕጣ ነበር።

ዕጣ የራሱ ጣጣ አለው። ለዕጣ የሚገባው መረጃ ካልጸዳ ዕጣው አያድነውም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 በአዲስ አበባ የወጣው የ14ኛው ዙር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ከቀናት በኋላ መሰረዙን አንባቢ አይዘነጋም። ዕጣው የወጣው በኮምፒውተር ነበር፤ ችግር ተገኘበት የተባለውም ሲስተሙና የገባበት መረጃ ላይ ነው። 40 ወንበር ከ25,000 በላይ ቤት ጋር አይወዳደርም። ጥንቃቄው ግን አንድ ነው፤ ለዕጣ የሚገቡት ተለይተው ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ማንም ስም እንዳይጨምር ማድረግ፣ ዕጣውንም ከዚያ በኋላ ማውጣት።

ከወንበር በላይ መመዝገብስ?

ከአራት ሰው አንዱ ተመዝግቦ የሚቀር ከሆነ ለምን 50 ሰው አንመዘግብም? ይህ «ኦቨርቡኪንግ» የሚባለው ነው፤ ካለው ቦታ በላይ መሸጥ ወይም መመዝገብ ማለት ነው። አየር መንገዶች ዕለት ተዕለት ያደርጉታል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 50 ተመዝግበው እያንዳንዱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ 75 ቢሆን፣ በአማካይ 37 ወይም 38 ሰው ይመጣል። ጥሩ ይመስላል። ሆኖም ከ100 ሥልጠና በ16ቱ ገደማ ከ40 በላይ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። 48 ቢመዘገቡ ይህ ወደ 6 ይወርዳል። በ46 ደግሞ ወደ 2 ገደማ።

ይህ ሒሳብ ሰው ሁሉ ለየብቻው ይወስናል ብሎ ያስባል። እውነቱ ሌላ ነው። ጓደኛሞች አብረው ይመጣሉ፤ አብረው ይቀራሉ። ዝናብ ሲጥል ወይም ታክሲ ሲጠፋ ሁሉም ይቀራል። በአንጻሩ የታወቀ አሠልጣኝ ይመጣል ከተባለ ሁሉም ይገኛል። ስለዚህ በተግባር የሚታየው ልዩነት ከወረቀቱ ይሰፋል፤ 46ትም ቢሆን በድፍረት የሚወሰድ ቁጥር አይደለም።

ሌላው ልዩነት ካሣ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ያለፈቃዱ ከበረራ የቀረ መንገደኛ እስከ 600 ዩሮ ይከፈለዋል፤ አየር መንገዱም ከዚያ በፊት በፈቃዱ የሚቀር ሰው መፈለግ አለበት። ሕጉ ከኅብረቱ አየር ማረፊያ የሚነሣ ማንኛውንም በረራ ይመለከታል፤ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውንም ጭምር። አየር መንገዱ ስህተቱን በገንዘብ ያርማል። ነጻ ሥልጠና ያዘጋጀ ማኅበር ግን ከሰንዳፋ በሌሊት ተነሥቶ የመጣን ሰው በር ላይ ሲመልስ የሚሰጠው ነገር የለውም። በእኔ ግምት ለእንዲህ ያለ ዝግጅት ከልክ በላይ ከመመዝገብ ይልቅ ከሁለት ቀን በፊት «አሁንም ይመጣሉ?» ብሎ ማረጋገጥ ይሻላል። ዝም ያለውን ወዲያው ማስወጣት ባያስፈልግም፣ «አልመጣም» የሚሉት ብቻ እንኳ ወንበሩን በጊዜ ይለቃሉ።

መያዣ ገንዘብ ማስከፈልም ይነሣል፤ ለመጣ ሰው የሚመለስ 200 ብር እንበል። በቴሌብር መቀበሉም መመለሱም አስቸጋሪ አይደለም። የሚደግፉት «ሰው የከፈለበትን አይተውም» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። የሚቃወሙት ደግሞ ነጻ ሥልጠናው የታሰበው ለማን እንደነበር ይጠይቃሉ። 200 ብር ለአንዱ ምንም አይደለም፤ ሥራ ፈላጊ ለሆነው ግን ከምዝገባው የሚያስቀረው ሊሆን ይችላል።

ማን አየ፣ ማን ለወጠ?

ሲስተሙ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ብልሽት የመቁጠር ስህተት ነው። ነጻ ወንበር ማለት ከልኩ ላይ የተረጋገጡትንም መልስ የሚጠበቅባቸውንም ቀንሶ የሚቀረው ነው። ብዙ ቤት-ሠራሽ ፎርሞች ሁለተኛውን ይረሱታል። ጥያቄው ለ2ኛው ተጠባባቂ ተልኮ ሳለ ገጹ «አንድ ቦታ አለ» ብሎ ያሳያል፤ በአጋጣሚ የገባ አዲስ ሰው ጠቅ ያደርጋል። 2ኛው «አዎ» ሲል ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ይሆናል። ስለዚህ አንድም ተጠባባቂ እስካለ ድረስ የሕዝቡ መመዝገቢያ ዝግ መሆን አለበት። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰከንድ ቢሰርዙም ሲስተሙ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር አለበት፤ አለበለዚያ ሁለቱም ወንበሮች ለአንድ ተጠባባቂ ይላካሉ፣ ወይም አንዱ ወንበር ተረስቶ ይቀራል።

በቡድን መመዝገብም ያስቸግራል። ተራው የደረሰው ሰው ለሦስት ጠይቆ የተለቀቀው ወንበር አንድ ቢሆንስ? ሦስት እስኪሞላ መጠበቅ ከኋላው ያሉትን ያግዳል። ሁልጊዜ ማለፍ ደግሞ ቤተሰብ የያዘውን መቼም አያስገባም። ሳምንት እስኪቀር ድረስ ወንበሩ ይያዝለት፤ ከዚያ በኋላ «አንዱን ትወስዳላችሁ ወይስ ይለፍ?» ተብሎ ይጠየቅ የሚለው ብዙ ጊዜ ያስኬዳል።

ይህ ሁሉ ግን በእጅ ከሚደረግ ለውጥ አያድንም። አስተባባሪው የሚያውቀውን ሰው ከ19ኛ ወደ 1ኛ ማምጣት ይችላል። አንዳንዴም በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ ለምሳሌ በሲስተሙ ስህተት ተራውን ያጣን ሰው ለመመለስ። መከልከል ያለበት ለውጡ ሳይሆን ዱካ አልባ ለውጥ ነው። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ መስመር ይመዘገባል፦ መቼ፣ ማን፣ ከስንተኛ ወደ ስንተኛ፣ በምን ምክንያት። ተጠባባቂው የሌሎችን ስም ሳያይ የራሱን ተራ በየቀኑ ማየት ይችላል፤ ትናንት 6ኛ ከነበረና ዛሬ 7ኛ ከሆነ ምክንያቱን መጠየቅ አለበት፣ አስተባባሪውም ከዚያው መስመር ላይ አንብቦ ሊነግረው ይገባል።